ሳይመዘን የተሞላ ሰዓት

በዱቄት ፋብሪካ ፈረቃ እየተቀባበልን አብረን የሸበትን ባልንጀሮቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ከመስመሩ አጠገብ የሚቀመጠው የየሰዓቱ መዝገብ ስላሳሰበኝ ነው። ፈረቃው ሊያልቅ ሲል አንዴ ተቀምጦ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲሰፍርበት አያለሁ፤ እንዲህ ያለ ወረቀት የሚያመጣውንም ጣጣ ከዚህ በፊት አይቻለሁ። ድሮ ዱቄት ብቻ ስናወጣ ጥፋታችን ይታይ ነበር፤ የጠቆረውን ወይም የሻከረውን ገዢው ራሱ ይመልሰው ነበር። በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄትን በቫይታሚንና በማዕድን ማበልጸግ ግዴታ ከሆነ ወዲህ ግን የጎደለውን ዓይንም ምላስም አይለየውም።

የሥራ ትዕዛዙ ሲደርሳችሁ በእያንዳንዱ ጥሬ ዕቃ አንጻር ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት ካርቶኑ ዘንድ ሄዳችሁ ስሙን፣ የሎት ቁጥሩንና የሚያበቃበትን ቀን ከትዕዛዙ ጋር አስተያዩ። ፕሪሚክሱና የዳቦ ማሻሻያው ሁለቱም በካርቶን የሚመጡ ደቃቅ ዱቄቶች ናቸው፤ ከስቶር በችኮላ ሲወጡ አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ወፍጮው አይቆምም፣ ከረጢቱም ያው ከረጢት ነው። ከትናንት የተረፈ ክፍት ካርቶን ካለም ቫይታሚኖቹን ብርሃንና እርጥበት እንደሚጎዳቸው እያወቅን፣ ሳንመዝነውና መቼ እንደተከፈተ ሳናውቅ በትዕዛዙ ላይ ልንቆጥረው አይገባም።

ከዚህ የከፋው ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ትዕዛዙ ለአንድ ቶን ዱቄት 300 ግራም ፕሪሚክስ ይላል እንበል፤ መስመሩም በሰዓት 5 ቶን፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 100 ከረጢት ያወጣል። ስለዚህ በሰዓት 1.5 ኪሎ፣ በደቂቃ 25 ግራም ከፊደሩ መውረድ አለበት፤ በስምንት ሰዓት ፈረቃ 800 ከረጢትና 12 ኪሎ ፕሪሚክስ ማለት ነው። ልክ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ፕሪሚክሱ እርጥበት ይዞት በሆፐሩ አፍ ላይ ይጋገራል፤ ስክሪው ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ የሚወርድ ነገር ግን የለም። ኦፕሬተሩ አምስት ሰዓት ላይ ከፊደሩ የአንድ ደቂቃ ወራጅ ተቀብሎ ቢመዝን ኖሮ ሚዛኑ ባዶ ሆኖ ያገኘው ነበር፤ የሚጠረጠሩትም ከአራት ሰዓት በኋላ የተሞሉት 100 ያህል ከረጢቶች ብቻ በሆኑ ነበር። እሱ ግን ሳይመዝን 1.5 እያለ ይጽፋል፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሌላ ሰው በአጋጣሚ ሆፐሩን ሲመታው የተጋገረው ይፈርሳል።

እስከዚያ ድረስ ሳይወርድ የቀረው 3.75 ኪሎ ነው፤ ይህም 12.5 ቶን፣ 250 ከረጢት ምንም ሳይገባበት አለፈ ማለት ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ትልቁ አደጋ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ኦፕሬተሩ ፕሪሚክሱ እንደሚተርፍ ሲያይ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ሂሳቡ እንዲገጥም ፊደሩን ያፈጥነዋል። በቀሩት ሁለት ሰዓት ተኩል እጥፍ እየወረደ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጪው ልክ 12 ኪሎ ይሆናል። የስቶሩ ሂሳብ ገጠመ፣ ተረካቢው ፈረቃ ፈረመ፤ ከ800 ከረጢት ግን 250ው ባዶ፣ 250ው እጥፍ ነው። የፈረቃው ድምር ይህን ፈጽሞ አይናገርም፤ ሊናገር የሚችለው በየሰዓቱ የተመዘነው ቁጥር ብቻ ነበር፣ እርሱም አልተመዘነም። ላቦራቶሪው ናሙና ያነሳው ከደህናው ሰዓት ከሆነ ውጤቱ መልካም ይላል፤ ከባዶው ከሆነም የትኛው ከረጢት በየትኛው ሰዓት እንደተሞላ የሚመሰክር የታመነ መዝገብ ስለሌለ፣ ያለው አማራጭ 800ውንም መያዝ ነው። መብራት ሲጠፋም እንዲሁ ነው፤ 40 ደቂቃ በቆመ ሰዓት ላይ 100 ከረጢት ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ወፍጮው ቆሞ ፊደሩ ብቻውን ሠርቶ እንደሆነ የሚታወቅበትን መንገድ ዘጋው።

በፕሪሚክሱ ውስጥ ፎሊክ አሲድ አለ። የፅንስ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቧንቧ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ ይዘጋል፤ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ገና ሳያውቁ ማለት ነው። ያኔ ፎሊክ አሲድ ያነሳት እናት ልጇ ጀርባው ሳይገጥም የመወለዱ ዕድል ይጨምራል፤ ዱቄቱ ውስጥ የሚጨመረውም እሷ ሳታውቀው እንዲደርስላት ነው። የእኛ ባዶ ከረጢት ከየትኛው ቤት እንደገባ ማንም አያገኘውም፤ ጥፋቱም ወደ እኛ ተመልሶ አይመጣም።

ባልንጀሮቼ፣ ገና አልመሸም፤ የዛሬው ፈረቃ መዝገብ ገና ነጭ ነው። ሚዛኑን ወደ ፊደሩ አቅርቡት፣ በየሰዓቱ የአንድ ደቂቃ ወራጅ መዝኑ፣ የወጣውን ከረጢት ቁጠሩ፣ ያገኛችሁትንም እንዳለ ጻፉ። ቁጥሩ ከጎደለ መስመሩን አቁማችሁ፣ ካለፈው ደህና ምዝና ወዲህ የተሞሉትን ከረጢቶች ለብቻ አስቀምጡ። ከእናንተ በኋላ የሚመጡትም ልጆች መዝገብ አሞላልን የሚማሩት እናንተን እያዩ ነውና፣ እባካችሁ ሳትመዝኑ አትጻፉ።