መጻተኛ ነጋዴና የዱቤ ቀጠሮ

በሐርጌሳ ከተማ ዳሚ በተባለው ሰፈር፣ በብረትና በቆዳ ሥራ፣ በፀጉር ማስተካከልም ሲተዳደሩ ከኖሩት ከገቦዬ ወገኖች ጋር ጎረቤት ሆኖ ትንሽ ሱቅ ወይም ምግብ ቤት የከፈተ ኢትዮጵያዊ፣ ከጅምላ ሻጭ ዘንድ ሩዝና ዱቄት በዱቤ ለመውሰድ ሲጠይቅ የሚገጥመው እምቢታ ከግዢው ማነስ ብቻ የመጣ አይደለም። የዚህ አገር ንግድ በእጅጉ የተመሠረተው በጎሣ ዋስትና ላይ ነው፤ ባለዕዳው ቢጠፋ ዘመዶቹና የጎሣው ሽማግሌዎች የሚጠየቁበት ልማድ ስላለ፣ ጅምላ ሻጩ ለአንድ ወጣት ዕቃ ሲሰጥ የሚያየው ወጣቱን ሳይሆን ከኋላው የቆመውን ወገን ነው። ከኋላው ማንም የማይታይ መጻተኛ ግን፣ እንደዚሁም በዚያው ምድር ተወልዶ ሳለ ከኀያላኑ ጎሣዎች ውጭ የተቆጠረው ገቦዬ፣ እጅ በእጅ ካልከፈለ ጆንያው አይነሣለትም። ይህ በእኔ አስተያየት ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው፤ ሆኖም ፍትሕ እስኪደርስ ድረስ ሱቁ መከፈት አለበትና፣ በጎሣ ፈንታ ምን ማቅረብ እንደሚቻል መመርመር ይገባል።

አስቀድሞ የሻጩን ሒሳብ በሻጩ ዐይን ማየት ያስፈልጋል። እንበል፣ አንዲት ባለምግብ ቤት በየሳምንቱ አንድ ጆንያ ሩዝ፣ አንድ ጆንያ ዱቄት፣ ጥቂት ካርቶን ፓስታና አንድ ጄሪካን ዘይት፣ በጠቅላላው የ120 ዶላር ዕቃ ትገዛለች፤ ለሻጩም ከዚህ የሚተርፈው 4 ዶላር ያህል ነው። እርሷ፣ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ሲያገኙ ስላየች፣ የአራት ሳምንት ዱቤ ብትጠይቅ፣ የመጀመሪያው ክፍያ ሳይደርስ የአራት ሳምንት ዕቃ ተወስዶ 480 ዶላር ዕዳ ይከማቻል። ይህ ገንዘብ ቢጠፋ ሻጩ ጉድለቱን ለመሙላት 120 ሳምንት፣ ማለት ከሁለት ዓመት በላይ፣ እንደ እርሷ ላለ ደንበኛ ሲሸጥ ሊኖር ነው። ሻጩ ይህን በወረቀት ባያሰላውም በልምድ ያውቀዋል፤ «አይሆንም» የሚለውም ሰውየው ክፉ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ለ4 ዶላር ትርፍ 480 ዶላር የሚጥል ብልህ ነጋዴ ስለሌለ ነው።

እንግዲህ አነስተኛ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው ረጅም ጊዜ ሳይሆን ወሰኑ የታወቀ ትንሽ ገንዘብ ነው። ግማሹ ዕቃው ሲነሣ፣ ግማሹ በሰባተኛው ቀን፣ የሚቀጥለው ጭነት ከመነሣቱ በፊት ይከፈላል፤ ሁለት ያልተከፈሉ ደረሰኞች በአንድ ጊዜ ከቶ አይኖሩም። በዚህ አኳኋን ሻጩ ሊያጣ የሚችለው ቢበዛ 60 ዶላር ነው፤ ገዢዋም በየሳምንቱ ይህን ያህል ገንዘብ ነፃ ወጥቶላት፣ ከገበያ ቀን በፊት ሁልጊዜ የሚያልቅባትን ዘይት ደርባ ልትይዝበት ትችላለች።

ይህ ጥያቄ ግን ባዶ እጁን አይቅረብ። ከመጠየቁ በፊት በነበሩት ሳምንታት ክፍያው ሁሉ፣ ጥሬ ገንዘብ በእጅ እያለ እንኳ፣ በዛድ ቢፈጸም ይሻላል፤ ቴሌሶም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2009 ዛድን ካመጣ ወዲህ በሐርጌሳ ከባለሱቅ እስከ ምጽዋት ተቀባይ የሚገበያይበት ሆኗል፣ በየክፍያውም መጠኑንና ቀኑን የያዘ መልእክት በሁለቱም ወገን ስልክ ላይ ያስቀራል። በከረጢት ታስሮ የሚቆጠረው የሽልንግ ኖት ምስክር የለውም፤ ይህ መልእክት ግን ጎሣ የሌለው ሰው ምስክር ነው። ጊዜውም ይመረጥ። ከበርበራ የመጣ መኪና ዕቃ ሲያራግፍ፣ ወይም ሌሎች ደንበኞች ቆመው በሚሰሙበት ሰዓት የሚጠየቅ ዱቤ አይገኝም፤ ሻጩ ለአንዷ የፈቀደውን ለሁሉም ሊጠየቅ ነውና። ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ፣ መደብሩ ረገብ ሲል፣ እንዲህ ቢባል በቂ ነው፦ «አዴር፣ እስከ ዛሬ የወሰድኩትን ሁሉ በሙሉ ከፍያለሁ፣ ስልክዎ ላይ አለ። ከመጪው ሐሙስ ጀምሮ ግማሹን ዕቃው ሲነሣ፣ ግማሹን ረቡዕ ማታ ልላክልዎ። የረቡዑ ካልደረሰዎ የሐሙሱን ዕቃ አይስጡኝ።» የመጨረሻይቱ ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ትበልጣለች፤ ቅጣቱን ገዢዋ ራሷ አስቀድማ ስለ ተናገረች ሻጩ የሚፈራው ነገር ያንሳል። በዚያው ቀን የዋጋ ቅናሽ ደርቦ መጠየቅ ግን ነገሩን ሁሉ ያበላሻል።

በዚህ ከተማ ድርድር ውስጥ ወለድ አይገባም፤ ሃይማኖቱ ይከለክላልና። ነገር ግን እጅ በእጅ 34 ዶላር የሆነውን ጆንያ ለሁለት ሳምንት ቀጠሮ 35 ብሎ መሸጥ፣ ዋጋው በውሉ ቀን ቁርጥ እስከ ሆነ ድረስ፣ በአብዛኞቹ የእስልምና ሊቃውንት ዘንድ የተፈቀደ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ በዕዳው ላይ መጨመር ግን አይፈቀድም፤ ስለዚህ ሻጩ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ጥብቅ ቢሆን አይፈረድበትም። ገዢዋ በበኩሏ ያቺን አንዲት ዶላር በትርፏ ትመዝናት፤ ከጆንያው የምታገኘው 2 ዶላር ከሆነ፣ ቀጠሮው የትርፏን እኩሌታ በላ ማለት ነው። በቁርኣን እጅግ ረጅሙ አንቀጽ፣ የአል-በቀራ ምዕራፍ 282ኛው፣ በቀጠሮ የሚደረግ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር ፊት እንዲሆን ያዝዛልና፣ «በደብተር ይጻፍልኝ» ማለት ሻጩን እንደ መጠርጠር አይቆጠርም። የሚጻፈውም ቀኑ፣ መጠኑና የገንዘቡ ዐይነት ነው፤ ዕዳው በዶላር ሆኖ ሽያጩ በሽልንግ ከሆነ፣ በመካከሉ ሽልንግ ቢወድቅ ጉዳቱ የባለዕዳው ነውና።

ዱቤ ሌላም አደጋ አለው። መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በረመዳን ዋዜማ፣ የሐርጌሳው የዋሂን ገበያ ተቃጥሎ እስከ 2,000 የሚገመቱ ሱቆች በአንድ ሌሊት ጠፉ። በዱቤ የተወሰደ ዕቃ ከገዢው እጅ ከገባ በኋላ ቢቃጠልም ዕዳው አይቃጠልም፤ ስለዚህ ዱቤ ተገኘ ብሎ መደርደሪያ እስኪሞላ ማከማቸት አደጋ ነው። ሌላው የጥፋት ምልክት ጸጥ ብሎ የሚመጣ ነው፦ የረቡዑን ክፍያ ለመፈጸም የሐሙሱን ጭነት መቀነስ፣ ወይም ከሌላ ጅምላ ሻጭ በዱቤ ወስዶ የመጀመሪያውን መክፈል። ይህ ሲጀመር ገንዘቡ ያለው በደንበኞች ደብተር ውስጥ ነው፤ ባለምግብ ቤቷ በወር ለሚከፍሏት ተመጋቢዎች ሠላሳ ቀን እየሰጠች ከሻጩ ሰባት ቀን ተቀብላለችና ሃያ ሦስቱን ቀን የምትሸከመው እርሷ ናት። መፍትሔውም ሻጩን ተጨማሪ ጊዜ መለመን ሳይሆን፣ ተመጋቢዎቹን በየሳምንቱ ወደ መክፈል መመለስ ነው።

ሁለት ወር ያህል ረቡዕ ሳይታጠፍ ካለፈ፣ ግማሹን ወደ ሙሉው፣ ሰባቱን ቀን ወደ ዐሥራ አራት ማሳደግ ይቻላል፤ በአንድ ጊዜ ግን አንዱን ብቻ።

በመጨረሻ የምናገረው በሐርጌሳ ስም ላላችሁ፣ ጅምላ ሻጮቹ ለሚያውቋችሁ የአገሬ ልጆች ነው። ስለ ሰው ዋስ መሆን ያስፈራል፤ ወሰን የሌለው ዋስትና ቤት እንዳፈረሰ ሁላችንም አይተናል። እኔ የምለምናችሁ ግን እንዲህ ያለውን አይደለም። በዳሚ አዲስ ለጀመረች አንዲት እኅት ለ60 ዶላር ብቻ፣ ለሁለት ወር ብቻ፣ በጽሑፍ ዋስ ሁኑላት።