የውስጠኛው ታሪክ ለማን ይነገራል?

በድኅረ ምረቃ ሴሚናሮቻችንም ሆነ በፊልም ሂሶቻችን ውስጥ «ታሪክ በታሪክ ውስጥ» የሚለው ስያሜ ከሚገባው በላይ ተለጥጧል። ገጸ ባሕርይው ያለፈውን ሲያስታውስ፣ ሕልም ሲያይ፣ የቆየ ፎቶግራፍ ሲያገላብጥ ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራል። ከቦሌ ሲኒማ ቤቶች በአንዱ ፊልም ተመልክቶ የወጣ ሰው እንዲህ ቢል ምንም አይደለም። ተመራማሪ እንዲህ ሲል ግን ሊያጠናው የተነሣው ጉዳይ ከእጁ ያመልጠዋል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ድርብርብ አለ?» የሚለው አይደለም፤ «የውስጠኛውን ታሪክ ማን ለማን ይነግረዋል፣ መነገሩስ በውጪኛው ላይ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (እ.ኤ.አ. 2008) እንመልከት። አንበርብር ከረጅም የውጭ አገር ቆይታ በኋላ ወደ ትውልድ መንደሩ ይመለሳል፤ የጀርመን የተማሪነት ዘመኑና በደርግ ጊዜ በአዲስ አበባ የደረሰበት ነገር ቁርጥራጭ እየሆነ ይመጣበታል። ይህን ፊልም በታሪክ ውስጥ ላለ ታሪክ ማሳያ አድርጎ ማቅረብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ አንበርብር ያለፈውን ተቀምጦ ለማንም አይተርክም። የሚነግር የለም፣ የሚሰማም የለም። ስለዚህ ይህ ምልሰት ነው፤ የጊዜ ቅደም ተከተል ተዛባ እንጂ የትረካ እርከን አልተለወጠም። ፈረንሳዊው ዤራር ዤኔት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ሥራው የጊዜን ጉዳይና የትረካ እርከንን ጉዳይ ለየብቻ ያየው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አዲስ እርከን የሚፈጠረው በታሪኩ ውስጥ ያለ ሰው ራሱ ተራኪ ሲሆን ነው።

ለዚህ ንጹሕ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። «ክብረ ነገሥት» ልብ ወለድ ባይሆንም የአሠራሩ ሥርዓት አስተማሪ ነው። በውጪኛው እርከን በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት አሉ። ከመካከላቸው የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ተነሥቶ በቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ስላገኘው መጽሐፍ ይናገራል፤ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ የሚመጣው በዚያ መጽሐፍ በኩል ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ነጋዴው ታምሪን ከኢየሩሳሌም ተመልሶ ስለ ሰሎሞን ጥበብ ለንግሥቲቱ ማለዳ ማለዳ ያወራላታል።

ሁለቱ መገናኛዎች የሚሠሩት ሥራ አንድ አይደለም። ታምሪን ባይናገር ንግሥቲቱ መንገድ አትጀምርም፤ የእርሱ ትረካ የድርጊቱ መነሻ ነው። የሊቀ ጳጳሱ መጽሐፍ ግን ድርጊት አያስነሣም። ሥራው ምስክርነት ነው፤ አድማጮቹ ሠለስቱ ምዕት በመሆናቸው ታሪኩ በእነርሱ ሥልጣን ይታተማል። ማዕቀፉ ዋጋም ያስከፍላል። ጉባኤው የተደረገው እ.ኤ.አ. በ325 ነው፤ ድርሰቱ ደግሞ በስድስተኛው መቶ ዘመን የነገሠውን ካሌብን ማንሣት ይፈልጋል። በጉባኤው ላይ ያለ ተናጋሪ ካሌብን ሊያውቀው ስለማይችል የካሌብ ነገር በትንቢት መልክ ይመጣል። የውጪኛው እርከን የውስጠኛውን ሰዋስው ሳይቀር እንደሚወስን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ ጉዳዩ እጅግ የሚከብደው በዲናው መንግሥቱ ሁለተኛ ልብ ወለድ ውስጥ ነው፤ «ሐው ቱ ሪድ ዚ ኤር» (እ.ኤ.አ. 2010)። ተራኪው ዮናስ አሜሪካ የሚኖር የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጅ ነው። ወላጆቹ ዮሴፍና ማርያም ከፒዮሪያ ወደ ናሽቪል በመኪና ያደረጉትን ጉዞ ይተርካል፤ በዚያ ጊዜ ግን እርሱ ገና በእናቱ ማኅፀን ነበር። ያላየውን፣ ሊያይም የማይችለውን፣ የእናቱን ሐሳብ ጭምር እየዘረዘረ ይነግረናል። ጥንቁቅ አንባቢ እዚህ ላይ መቆም አለበት፤ ተራኪው ሊያውቅ ከሚችለው በላይ ሲያውቅ የፈጠራ ምልክት ነውና።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የክፍሉ ትረካ ነው። አባቱ ከሞተ በኋላ ዮናስ በሚያስተምርበት የኒውዮርክ የግል ትምህርት ቤት ትምህርቱን አቋርጦ የአባቱን ስደት ለተማሪዎቹ መተረክ ይጀምራል፤ ወደ ሱዳን መሻገሩን፣ በወደቡ ከተማ አብራሂም የሚባል ሰው እንዴት እንደረዳው፣ በመርከብ ውስጥ ተደብቆ ወደ አውሮፓ መሄዱን። ታሪኩ ቀናት ይወስዳል፣ ከክፍሉም አልፎ በትምህርት ቤቱ ይናፈሳል። ኃላፊው ጠርቶ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ ሲጠይቀው፣ አብዛኛው የፈጠራ መሆኑን ዮናስ አይክድም።

አንዳንድ አንባቢ ይህን ክፍል የደርግ ዘመን የስደት መንገድ መረጃ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስሕተቱ እርከኑን መዝለሉ ነው። በልብ ወለዱ ዓለም ውስጥ እንኳ ያ ጉዞ እንደተነገረው አልተፈጸመም፤ በውጪኛው እርከን በእርግጥ የተፈጸመው መተረኩ ብቻ ነው። እንግዲህ ትርጉሙን መፈለግ ያለብን ከመርከቧ ሳይሆን ከመማሪያ ክፍሉ ነው። ዝምተኛና አስፈሪ አባት የነበረው ልጅ፣ ሊያዝንለት የሚችለውን አባት በሰው ፊት እየሠራ ነው፤ ያን ማድረግ የሚችለውም የሚያምኑት አድማጮች ሲኖሩት ነው።

ዮናስ ይህን ሙያ ከየት ተማረው? ከማስተማሩ በፊት ስደተኞችን በሚረዳ ማዕከል ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሥራው የጥገኝነት ጠያቂዎችን ቃል ማረምና ማዳበር ነበር። ደረቅ የነበረውን ቃል የሚያሳምን ዝርዝር ይጨምርበታል። ይህ ሦስተኛ እርከን ሲታከል የክፍሉ ትረካ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ለአባቱ ዘግይቶ የተጻፈ የጥገኝነት ማመልከቻ ይሆናል፣ ተማሪዎቹም ዳኞች። በቦሌ በኩል ዘመዱን የሸኘ ቤተሰብ በበዛበት በእኛ ከተማ ይህ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንድ ሰው ሕይወቱን ለሚወስንለት አድማጭ በሚስማማ ቅርጽ ሲናገር፣ ቃሉን ውሸት ወይም እውነት ብሎ ከመፈረጅ በፊት የአድማጩን ጥያቄ መመርመር ይገባል። የዲናው ልብ ወለድ ይህን ሳይሰብክ በአወቃቀሩ ያሳየናል።

ፊልም በዚህ ረገድ የራሱ ችግር አለበት። በልብ ወለድ የዮናስ ድምፅ ከትረካው ላይ አይነሣም። ፊልም ግን የተነገረውን በምስል ሲያሳይ የውስጠኛው ምስል ከውጪኛው እኩል ተጨባጭ ይሆናል፤ መርከቧን ያየ ተመልካች መርከብ አየ። ኃይሌ ገሪማ በ«ሳንኮፋ» (እ.ኤ.አ. 1993) ይህንኑ ባሕርይ ለዓላማው ተጠቅሞበታል። በጋና የባሪያ ምሽግ ፎቶ ለመነሣት የመጣችው ሞዴል ሞና ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ ሾላ የተባለች ባሪያ ሆና ትገኛለች። ማንም አልነገራትም፤ ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ድንበር ተሻግራ ገባች። ስትወጣ ያው ሰው አይደለችም፤ የውስጠኛው ዓለም ሕልም ነበር እንዳንል ፊልሙ መውጫ አይሰጠንም።

የዲናውን ልብ ወለድ ወደ ፊልም የሚያመጣ ዳይሬክተር ቢኖር፣ የመጀመሪያው ከባድ ውሳኔው መርከቧን ማሳየት ወይስ አለማሳየት የሚለው ይሆናል። እኔ ብሆን ካሜራውን ከመማሪያ ክፍሉ አላስወጣውም፤ የሚሰሙትን ልጆች ፊት ብቻ አሳያለሁ።