ለማይገዛ ሰው አትክፈሉ

አሜሪካ ውስጥ ላባቸውን አንጠፍጥፈው ንግድ የከፈቱ ወገኖቻችን ለጎግል ማስታወቂያ የሚያወጡት ገንዘብ በጠራራ ፀሐይ ሲባክን እያየሁ ዝም ማለት አልችልም። ብክነቱ የረቀቀ ምክንያት የለውም። ካምፔኑን የሠራው ባለሙያ ተብዬ ቁልፍ ቃሉን ያለ ምንም ምልክት ጽፎ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ስለሄደ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ለሠርግና ለክርስትና የሐበሻ ምግብ የምታዘጋጅ እናት አለች እንበል። ቁልፍ ቃሏ በሦስት መንገድ ሊጻፍ ይችላል፦

```
ethiopian catering
"ethiopian catering"
[ethiopian catering]
```

የመጀመሪያው ብሮድ ማች ነው። ምልክት ካላደረጋችሁ ጎግል የሚወስደው ይህንኑ ነው። ሥርዓቱ ከቃሉ ጋር ይዛመዳል ብሎ ለገመተው ፍለጋ ሁሉ ማስታወቂያዋን ያወጣል፤ ፈላጊው ከሁለቱ ቃላት አንዱን ባይጽፍም እንኳ። በጥቅስ የታጠረው ፍሬዝ ማች የቁልፍ ቃሉ ትርጉም በውስጣቸው ላለ ፍለጋዎች ይወጣል፤ ለሠርግ የሐበሻ ምግብ አቅራቢ የሚፈልገው ሰው እዚህ ይገኛል። በካሬ ቅንፍ ያለው ኤግዛክት ማች ከሁሉም ጠባቡ ነው። እሱም ቢሆን ቃል በቃል አይደለም፤ ብዙ ቁጥርንና ሐሳቡ አንድ የሆነ ሌላ አባባልን ያስገባል።

እናታችን በቀን 25 ዶላር መድባ፣ አንድ ክሊክ 2.50 ቢያስከፍላት በቀን 10 ሰው ታገኛለች። በብሮድ ማች ከእነዚህ 7ቱ የዶሮ ወጥ አሠራር የሚፈልጉና ዛሬ ማታ ቁጭ ብለው የሚበሉበት ምግብ ቤት የሚያስሱ ቢሆኑ፣ 17.50 ዶላር ሄደ ማለት ነው። በ30 ቀን 525 ዶላር ይሆናል! ስልኳ ሳይጮህ ሲቀር ደግሞ ያው ሰውዬ «በጀቱ አንሶ ነው፣ ጨምሪ» ይላታል። እኔን የሚያበግነኝ ይህ ምክር ነው። ችግሩ የበጀት ማነስ ሳይሆን የቃሉ ስፋት መሆኑን ለማወቅ አንድ ገጽ መክፈት በቂ ነበር።

ገጹ Search terms ይባላል። ቁልፍ ቃል እኛ የምንገዛው ነው፤ ይህ ገጽ ግን ሰዎች በእርግጥ ምን ብለው እንደጻፉ ያሳያል። በወጪ ቅደም ተከተል ደርድራችሁ ከላይ ወደ ታች አንብቡት። በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህን የጻፈ ሰው ድግስ አለበት? ከ2020 ጀምሮ ጎግል ጥቂት ሰው የፈለጋቸውን ቃላት በዝርዝር ስለማያሳይ፣ የሚታየው ከከፈላችሁበት ሁሉ ያነሰ ነው። ስለዚህ ያያችሁት ቆሻሻ የቆሻሻው ሁሉ ልክ አይደለም።

ድግስ የሌለባቸውን በኔጌቲቭ ኪዎርድ ዝጉ። እዚህ ጋ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ኔጌቲቭ ኪዎርድ ብዙ ቁጥርን ወይም ተመሳሳይ ቃልን በራሱ አያካትትም። `recipe` ብላችሁ ከዘጋችሁ ለ`recipes` በሩ ክፍት ነው፤ ሁለቱንም ጻፉ። በጭፍን መዝጋትም ያው ጥፋት ነው። `restaurant` የሚለውን ብቻውን ከዘጋችሁት፣ ለድግስ የሚያበስል ምግብ ቤት የሚፈልገውን ሙሽራም ታባርራላችሁ። ለዚህ `[ethiopian restaurant]` ብሎ ያንኑ ፍለጋ ብቻ መዝጋት ይሻላል።

ብሮድ ማች ቦታ የለውም አልልም። ስንት ጥሪና ስንት ትዕዛዝ እንደመጣ በትክክል የሚመዘገብበት፣ ትዕዛዙም የበዛበት አካውንት ከስማርት ቢዲንግ ጋር ሲጠቀምበት ሥርዓቱ ገዢውን ከተመልካቹ ለይቶ የመማር ዕድል አለው፤ እኛ ያላሰብናቸውን ቃላትም ያመጣል። በወር ጥቂት ትዕዛዝ የምታገኝ እናት ግን ለዚህ ትምህርት የሚበቃ መረጃ የላትም። ይባስ ብሎ ገጹን የከፈተ ሁሉ እንደ ደንበኛ ከተቆጠረ፣ ማሽኑ የምግብ አሠራር ፈላጊውን ጥሩ ደንበኛ አድርጎ ይማርና እሱን የመሰለውን ያመጣላታል። በሪፖርቱ ላይ ቁጥሩ ያምራል፤ ድስቱ ግን አይጣድም።

ስለዚህ በፍሬዝ ማች ጀምሩ። ደጋግሞ ትዕዛዝ ያመጣውን ፍለጋ በኤግዛክት ማች ለብቻው ያዙት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት Search terms በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ይነበብ። ጎግል በRecommendations በኩል ቁልፍ ቃሎቻችሁን ወደ ብሮድ ማች ቀይሩ ሲል ሳታጣሩ እሺ አትበሉ፤ ማሻሻያውን በራሱ እንዲተገብር የሚፈቅደውን auto-apply ዛሬውኑ መርምራችሁ አጥፉ።

ካምፔን የሚሠራላችሁን ሰው ደግሞ ያለፈውን ወር የፍለጋ ቃላት ከነወጪያቸው እንዲልክላችሁ ጠይቁት። አልልክም ካለ የአካውንቱን ባለቤትነት በስማችሁ አዙራችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። ገንዘቡ የእናንተ ነው፤ በምን ላይ እንደወጣ የማየት መብት አላችሁ።