ልጄ ሁለት ቋንቋ ስለቻለ ጎበዝ ይሆናል?

አንዲት የድሮ ተማሪዬ ከሆሳዕና «ልጄ ሀዲይሳና አማርኛ ስለሚቀላቅል አእምሮው ፈጣን ይሆናል አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማስረጃው ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ4,500 በላይ የ9 እና የ10 ዓመት ልጆችን አይቶ፣ ትኩረትን በመቆጣጠርም ሆነ ከሥራ ወደ ሥራ በመቀያየር ሁለት ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ብልጫ አላገኘባቸውም። በትንንሾቹ ጥናቶች የቤተሰብ ኑሮና ትምህርት ልዩነት የቋንቋ ውጤት መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛም ጋ ያው ነው፤ ሀዲይሳ ብቻ የሚናገረው የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ የሚለየው በቋንቋ ብቻ ነው እንዴ?

መቀላቀሉ ግን ግራ መጋባት አይደለም። ገበያ ላይ ዋጋውን በአማርኛ ጠርታ ክርክሩን በሀዲይሳ የምትቀጥል ነጋዴ ገዢዋን አይታ ነው የምትመርጠው። ልጅሽን ሀዲይሳ አስለምጂው፤ ከአያቱ ጋር ያለ አስተርጓሚ ያወራበታል።