በሽተኛው ያለውና እኛ ያገኘነው
ለጎዶማና ለሞያሌ እኩዮቼ ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ለወጣቶቹ አልጻፍኩትም። እነሱ የሚጽፉት እኛን እያዩ ነው። እኛ ራውንድ ላይ በጓንት ካርቶን ቅዳጅ ላይ ጫር ጫር አድርገን፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ እንዳለ ቻርት ላይ ስንገለብጥ እነሱም ይገለብጣሉ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ለእኛ ነው፦ በሽተኛው የተናገረውንና እኛ በእጃችን፣ በጆሯችንና በመሣሪያ ያገኘነውን በአንድ መስመር አትቀላቅሉ። ሁለቱ የሚጋጩበት ቦታ ላይ ነው አደጋው የሚታየው፤ ሲቀላቀሉ ግጭቱ ይጠፋል፤ ግጭቱ ሲጠፋ ደግሞ እየደከመ ያለ ሰው ወረቀት ላይ ሲድን ይታያል።

ሶፕ የምንለውን አጻጻፍ ያስፋፋው አሜሪካዊው ሐኪም ላውረንስ ዊድ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ የሐኪም ማስታወሻ በበሽተኛው ችግሮች ዙሪያ እንዲደራጅ ጠየቀ። አራቱን ክፍሎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሰብጀክቲቭ፣ ኦብጀክቲቭ፣ አሰስመንት፣ ፕላን። ማወቁ አይደለም የጎደለን። የጎደለን፣ ከቅዳጁ ወደ ቻርቱ ስንሻገር ለእያንዳንዱ ቃል «ይህን ማን አለ? በምን ታወቀ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በሽተኛውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት፤ ቅዳጁን ግን ያላየ በመካከላችሁ የለም። የ67 ዓመት አርብቶ አደር፣ የሳንባ ምች ተብለው ተኝተዋል፤ ሴፍትሪያክሶን ከጀመሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። የሚናገሩት ቦረንኛ ነው፤ የሚያስተረጉመው የልጅ ልጃቸው ነው። ቅዳጁ እንዲህ ይላል፦

«አልጋ 6። ደህና ነው። ትኩሳት የለም፣ 37.3። ሳል ቀንሷል። ሌሊት 9 ላይ ተቅበዝብዟል። ፓራ 12 ላይ። ትንፋሽ 32፣ ልብ 112፣ ግፊት 100/64፣ ኦክስጅን 88። ቀኝ ታች ድፍን። ቤቴ ነኝ ይላል። ኒሞኒያ እየተሻለው፣ ያው ይቀጥል።»

ይህ ቅዳጅ እንዳለ ከተገለበጠ የማታው ተረኛ የሚያነበው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቃል ነው፤ ደህና ነው፣ ያው ይቀጥል። መሐል ያሉት ቁጥሮች ግን ሌላ ነገር ነው የሚናገሩት።

ከ«ደህና ነው» እንጀምር። ማን አለ? ሽማግሌው ራሳቸው ከሆኑ ቃላቸው ነውና ኤስ ሥር ይገባል፣ በእሳቸው ስም። ልጁ «አባባ ደህና ነው» ብሎ ከሆነ ግን የልጁ ቃል ነው፤ «የልጅ ልጃቸው እንደሚለው» ተብሎ ይጻፋል። እኛ ስናያቸው ደህና መስለውን ከሆነ ደግሞ ያ ቃል የትም አይገባም። ኦ ሥር የሚጻፈው ያየነው ነው፤ ተቀምጠዋል ወይስ ተኝተዋል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይተነፍሱ ይጨርሳሉ ወይ። በአስተርጓሚ የተገኘ ቃል በአስተርጓሚ መገኘቱ አብሮ ይጻፍ። በእኛ ከተማ ሐኪሙ አማርኛ፣ ነርሷ ስዋሂሊ፣ በሽተኛው ቦረንኛ ሊናገር ይችላል፤ ያ ቃል በስንት አፍ እንዳለፈ የሚያነበው ሰው ማወቅ አለበት።

«ትኩሳት የለም፣ 37.3» የሚለው ደግሞ ሁለት ምስክር በአንድ ልብስ ነው። ትኩሳት አይሰማኝም ያሉት ሽማግሌው ናቸው፤ 37.3 ያለው ቴርሞሜትሩ ነው። ሁለቱ የተስማሙ ይመስላሉ፤ ግን ፓራሲታሞል ተሰጥቷል። ስንት ሰዓት? ቅዳጁ «12» ይላል። እዚህ ላይ ነው የእኛ ድንበር የራሱን ወጥመድ ያስቀመጠው። በአማርኛም በስዋሂሊም ሰዓት ስንቆጥር ከፀሐይ መውጫ ነው የምንጀምረው፤ ቻርቱ ግን የሚሞላው ከእኩለ ሌሊት በሚጀምረው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ልጁ «ንጋት 12 ሰዓት ላይ ኪኒን ሰጧቸው» ሲል 06:00 ማለቱ ነው። ሙቀቱ የተለካው 08:10 ላይ ነው። ስለዚህ 37.3 መድኃኒት ከተሰጠ ከሁለት ሰዓት በኋላ የተገኘ ቁጥር ነው፤ በሽታው ስለ መሸነፉ ምንም አይመሰክርም። «12» ቻርቱ ላይ 12:00 ሆኖ ከተገለበጠ ግን አንባቢው ፓራሲታሞሉ ሙቀቱ ከተለካ በኋላ የተሰጠ ይመስለዋል፤ ትኩሳቱም በራሱ ወርዷል፣ ሴፍትሪያክሶኑ እየሠራ ነው ብሎ ይደመድማል። አንዲት ቁጥር ናት ይህን ሁሉ የምታሳስተው።

«ሌሊት 9»ም ያው ነው። ልጁ ያለው 03:00 ነው። 21:00 ሆኖ ከተጻፈ መቅበዝበዙ ብቻውን የቆመ ወሬ ይሆናል። 03:00 ተብሎ ከተጻፈና የሌሊት ነርሷ ሙቀት የመዘገበችበት ቅጽ ከታየ ግን 02:50 ላይ 39.1 ተጽፎ ይገኛል። የልጁ ቃል ኤስ ሥር፣ የነርሷ ቁጥር ከነሰዓቱ ኦ ሥር ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያጸናል።

(ስለ ቀን አቆጣጠርም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ከወዲያ ማዶ የመጣ ወረቀት ላይ 12/04/2016 ተብሎ ካያችሁ፣ ያ ታኅሣሥ 12 ቀን ነው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 22 ቀን 2023። እንደ ኬንያ ቀን ከተነበበ ኤፕሪል 2016 ይሆናል፤ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የተጀመረበት ቀን ከሆነ ጥፋቱ ቀላል አይደለም። አቆጣጠሩን አብራችሁ ጻፉ።)

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ላይ ደርሰናል፤ «ቤቴ ነኝ ይላል»። ከአፋቸው ስለወጣ ኤስ ሥር የሚወረውረው ብዙ ነው። አይደለም። «የት ነው ያሉት?» ብለን ጠይቀን ያገኘነው መልስ የአእምሮ ምርመራ ውጤት ነው፤ ኦ ሥር ይገባል፣ ከነጥያቄው። «ግራ የተጋባ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ የጠየቃችሁትንና የመለሱትን ጻፉ። ቀኑን አለማወቅ ለአንድ አርብቶ አደር ምንም ላይሆን ይችላል፤ ሆስፒታል ተኝቶ ቤቴ ነኝ ማለት ግን ሌላ ነው። ሕመምም እንዲሁ ሁለት ቦታ አለው። «ጎኔን ያመኛል» ኤስ ነው፤ ጎናቸውን ስንነካ ፊታቸው ከተኮማተረ ያ ኦ ነው። ቤተሰብ በእጁ ዳሶ «ይፋጃል» ያለው ኤስ ነው፤ በቴርሞሜትር የተለካው ኦ ነው። ሌላ ክሊኒክ የተሠራ የደም ውጤት በዓይናችሁ ካያችሁት ኦ ነው፣ የክሊኒኩ ስምና ቀኑ ተጨምሮ፤ «ወባ የለም ብለውኛል» ብቻ ከሆነ ኤስ ነው።

«ድፍን» የሚለው ቃል ደግሞ ምርመራ ነው ወይስ ግምት? ቀኝ ደረታቸው ከታች ሲንኳኳ የሰማነው ድምፅ ከሆነ ኦ ነው። «ኒሞኒያ እየተሻለው» ግን በፍጹም ኦ ውስጥ አይገባም፤ ፍርድ ነው፣ ቦታው ኤ ነው። ፍርድ ከማስረጃ ጋር ሲቀመጥ ማስረጃውን ወደ ራሱ ይጎትተዋል።

እንግዲህ ቅዳጁ ሲፈታ ይህን ይመስላል። ቻርቱ ላይ በእንግሊዝኛ ትጽፉታላችሁ፤ እዚህ ለንባብ በአማርኛ ላስቀምጠው።

ኤስ፦ በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት፤ «ደህና ነኝ፣ ትኩሳት የለኝም፣ ሳሉ ቀንሶልኛል» ይላሉ። የልጅ ልጃቸው ግን 03:00 ላይ ሲቅበዘበዙ እንዳየ ይናገራል።

ኦ፦ 08:10 ላይ ሙቀት 37.3 (ፓራሲታሞል 1 ግራም 06:00 ላይ ተሰጥቷል፤ ሌሊት 02:50 ላይ 39.1 ነበር)። ትንፋሽ በደቂቃ 32፣ ሲገቡ 26 ነበር። የልብ ምት 112፣ ግፊት 100/64። ኦክስጅን ያለ ተጨማሪ ኦክስጅን 88 በመቶ፣ ሲገቡ 94። የት እንዳሉ ሲጠየቁ «ቤቴ» አሉ። ቀኝ ደረት ከታች ሲንኳኳ የደፈነ ድምፅ አለው፤ የትንፋሹ ድምፅም ቀንሷል።

ኤ፦ የሳንባ ምች፣ በሦስተኛው ቀን ሕክምና እየከፋ። በሽተኛው ተሽሎኛል ቢሉም ትንፋሻቸው ጨምሯል፣ ኦክስጅናቸው ወርዷል፣ አእምሯቸው ተዛብቷል። በሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ መኖሩ ይጠረጠራል፤ የሳንባ ነቀርሳም አልተሰረዘም።

ፒ፦ ኦክስጅን አሁኑኑ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ። የደም ስኳርና የወባ ምርመራ አሁን። የደረት ኤክስሬይ ዛሬ፤ አክታ ለጂን ኤክስፐርት። ስለ መድኃኒቱ ለውጥ ከከፍተኛ ሐኪም ጋር ምክክር፤ ማርሳቢት መላክ ካስፈለገ መንገዱ ወደ 250 ኪሎ ሜትር ነውና ውሳኔው ለማታ አይደር።

ልብ በሉ፤ ከአንዱ በቀር አዲስ ምርመራ አልተደረገም። «የትንፋሹ ድምፅ ቀንሷል» ከሚለው በቀር ሁሉም ከቅዳጁ፣ ከሌሊቱ ቅጽና ከመግቢያው ቀን ቻርት የተገኘ ነው። ያ ግን ቅዳጁ ላይ የለም፤ እንዴት መጣ? ወደ አልጋው ተመልሰን ስላዳመጥን ነው። ካላዳመጥን አይጻፍም። ከሁሉ የማስጠነቅቃችሁ በዚህ ነው። ቅዳጁ ላይ የሌለውን ከትናንቱ ማስታወሻ ላይ ማምጣት፣ «ልብ ደህና፣ ሆድ ለስላሳ» ብሎ ቦታ መሙላት ቻርቱን ቆንጆ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ያልተነካ ሆድ ተነክቶ ደህና ነው ተብሎ ይመሰክራል። ካልመረመራችሁ «አልተመረመረም» ብላችሁ ጻፉ። ይህን መጻፍ ያሳፍራል የሚል አለ፤ እኔ አይመስለኝም።

በኋላ የጻፋችሁትን በኋላ እንደጻፋችሁት ግለጹ፤ 08:10 ላይ ያያችሁትን 14:30 ላይ ከጻፋችሁ ሁለቱም ሰዓት ይቀመጥ። ስሕተትን በአንድ ቀጭን መስመር ሰርዙ፣ ከሥሩ እንዲነበብ፤ ፊርማና ሰዓት አኑሩበት። ማጥፊያ ፈሳሽ አትቀቡ።

«አልጋ 6» ብቻ ብላችሁም አትያዙ፤ በሽተኛ አልጋ ይቀይራል፤ የካርድ ቁጥር ጻፉ። ማስታወሻው ተጽፎ ከተፈረመ በኋላ ቅዳጁን ቀዳድዳችሁ አስወግዱት። የሰው ስምና በሽታ የተጻፈበት ካርቶን በጋውን ኪስ ገብቶ፣ ማታ ድንበር ተሻግሮ ወደ ቤት አይሂድ።