አርጅቶ ያለቀ ማሽን ከመዝገብ አልወጣም

«የእርጅና ቅናሹ ያለቀ ማሽን ከመዝገብ ስለወጣ፣ ሲሸጥ ገንዘቡን በሽያጭ ገቢ መያዝ ይበቃል» የሚል ጽሑፍ በቅርቡ አንብቤያለሁ። ስህተት ነው፤ ይህን ጽሑፍ የሚከተል የሒሳብ ሠራተኛም ከባድ ጥፋት ይሠራል።

ደብረ ብርሃን ውስጥ ላለ ፋብሪካ ብርድ ልብስ የሚሸምን አንድ ማሽን በ800,000 ብር ተገዛ እንበል። ቅናሹ ተጠናቆ የመዝገብ ዋጋው ዜሮ ሆኗል። ይህ ማለት ግን ከመዝገብ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በአንድ በኩል 800,000 የግዢ ዋጋ፣ በሌላ በኩል 800,000 የተጠራቀመ ቅናሽ እንደተቀመጡ ናቸው። ማሽኑ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ውጭ በ150,000 ብር ሲሸጥ ጥሬ ገንዘብ በ150,000፣ የተጠራቀመ ቅናሽ በ800,000 ዴቢት ይደረጋሉ፤ ማሽነሪ በ800,000፣ የንብረት ሽያጭ ትርፍ በ150,000 ክሬዲት ይሆናሉ። ጸሐፊው ባሉት መንገድ ከሄድን ግን ማሽኑ ተጭኖ ከሄደ በኋላም መዝገቡ ላይ ይኖራል። የቋሚ ንብረት ቆጠራ ሲደረግ መዝገቡ አለ የሚለው ማሽን መሬት ላይ ይታጣል።

ትርፉም የሽያጭ ገቢ አይደለም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ደረጃ ቁጥር 16 እንደዚያ መመዝገብን በግልጽ ይከለክላል፤ ፋብሪካው የሚነግደው ብርድ ልብስ እንጂ ማሽን አይደለምና።

ጸሐፊው «ኪሳራ ሊኖር አይችልም» ማለታቸውም ልክ አይደለም። ቀሪ ዋጋው 80,000 ተብሎ ከተገመተ ቅናሹ 720,000 ላይ ይቆማል። ያኔ ማሽኑ በ50,000 ብር ቢሸጥ 30,000 ብር ኪሳራ ዴቢት ይመዘገባል።