ርእሰ አንቀጽ፤ ይቅርታ ምን ይተዋል? ምሕረትስ ምን ይሽራል?

በግቢያችንም ሆነ በደብረ ማርቆስ ከተማ አንድ ሰው ከወኅኒ ቤት በወጣ ቁጥር «ምሕረት ተደረገለት» ይባላል። በአመክሮ የወጣውም፣ ክሱ የተነሣለትም፣ በይቅርታ የተለቀቀውም በአንድ ስም ይጠራል። ለእናቱ ይህ ሁሉ ልዩነት የለውም፤ ልጅዋ ደጇን ከረገጠ ይበቃታል። ለሕግ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ሰውየው ከተፈታ በኋላ በራሱ ላይ ምን እንደ ተንጠለጠለ የሚወስነው እርሱ ነውና።

ነገሩን ለመረዳት በአንድ የተፈረደበት ሰው ላይ ሦስት ነገሮች ተደራርበው እንዳሉ ማሰብ ይጠቅማል። ከታች የተከሰሰበት ወንጀል አለ፤ በእርሱ ላይ ጥፋተኛ ነህ የሚለው ፍርድ ይቀመጣል፤ ከሁሉ በላይ ቅጣቱ ይጫናል። ይቅርታ የሚነካው ከላይ ያለውን ቅጣት ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 229 እንደሚለው ቅጣቱ በሙሉ ወይም በከፊል ይቀራል፣ አለዚያም ወደ ቀለለ ቅጣት ይለወጣል፤ ፍርዱ ግን ከመዝገብ አይፋቅም። ቅጣትን ማቅለል የምንለው እንግዲህ የይቅርታ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሞትን ወደ ዕድሜ ልክ፣ ዕድሜ ልክን ወደ ተወሰነ ዓመት ያወርዳል እንጂ ሰውየውን ከእስር አያወጣም። ምሕረት ግን እስከ ታች ይወርዳል። በአንቀጽ 230 መሠረት ክስ ያልተመሠረተ እንደ ሆነ እንዳይመሠረት ያግዳል፤ የተጀመረውን ያቆማል፤ የተፈረደውንም እንዳልተፈረደ አስቆጥሮ ከመዝገብ ያሰርዛል።

በአገራችን በጎጃም የታናሹን ወንድም ልክ ያየነው በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ላይ ነው። የአምስቱን ዓመት ወረራ በዱር የተዋጋው ይህ አርበኛ ከነጻነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ተከበበ፤ ተይዞም አዲስ አበባ ቀርቦ ሞት ተፈረደበት። ታሪኩን የጻፉት እንደሚሉት ንጉሠ ነገሥቱ የሞቱን ቅጣት ወደ እስራት ለወጡለት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ይህን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር። በላይ ግን ከልጅ ማሞ ኃይሉ ጋር ከእስር ለማምለጥ ሞከረ፤ ተያዘ፤ ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. ሁለቱም ተሰቀሉ። የተለወጠው ቅጣቱ ብቻ ነበር፤ በላይን ወንጀለኛ ያሰኘው ፍርድ አልተነካም ነበር። ጎጃም እስከ ዛሬ የሚያዝንበት ይህ ሞት ብዙ ነገር ያነጋግራል፤ እኛ ግን ከዚህ ጉዳያችን አንወጣም።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ይቅርታን፣ ምሕረትንና ቅጣት ማቅለልን ሦስቱንም ለአንድ ዙፋን አስረክቦ ነበር። ሁሉም ከአንድ እጅ ስለሚወጣ ሕዝቡ ሦስቱን አለመለየቱ አያስደንቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን እጆቹን ለያይቷል። በአንቀጽ 71 መሠረት በሕግ በተደነገገው ሥርዓት ይቅርታ የሚያደርገው የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት ነው፤ ምሕረት ደግሞ በአዋጅ የሚወጣ ነገር ስለ ሆነ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ነው። ይቅርታ ስም ተጽፎበት ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ የምሕረት አዋጅ ግን በመጀመሪያ ደረጃ ወንጀሎችን እንጂ ሰዎችን አይጠራም።

ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳየን የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ ነው። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የቅንጅት መሪዎች ተከሰው በ1999 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ሽማግሌዎች ገብተው የይቅርታ ደብዳቤ ከፈረሙ በኋላ ሐምሌ 13 ቀን 1999 ዓ.ም. ተፈቱ። ብርቱካን በ2001 ዓ.ም. ስዊድን አገር ሄደው ይቅርታው እንዴት እንደ ተገኘ ተናገሩ። መንግሥት «ይቅርታ አልጠየቅሁም ብለዋል፤ ቃልዎን ያስተባብሉ» አለ፤ አላስተባበሉም። በታኅሣሥ 2001 ይቅርታው ተሰረዘና የዕድሜ ልኩ እስራት እንደ ገና ተቀጠለ። አዲስ ክስ አልተከፈተም፤ ምስክር አልተሰማም፤ ዳኛም አልተሰየመም። ለምን ቢሉ ፍርዱ ከመጀመሪያውም አልተነሣም ነበርና ነው፤ ተነሥቶ የነበረው ቅጣቱ ብቻ ስለ ሆነ መልሶ መጫን በቂ ሆነ። በመስከረም 2003 የተፈቱትም በሁለተኛ ይቅርታ ነው። የተሰጣቸው ምሕረት ቢሆን ኖሮ የሚመለስ ቅጣት ባልነበረ ነበር።

በዚሁ በሐምሌ 13፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ2010 ዓ.ም. ምክር ቤቱ የምሕረት አዋጅ ማጽደቁ መገጣጠሙ ነው። ያ አዋጅ እስከ ግንቦት 30 ቀን 2010 ዓ.ም. ድረስ በሕገ መንግሥቱና በመንግሥት ላይ ተፈጽመዋል የተባሉ የተወሰኑ ወንጀሎችን ዘርዝሮ ነካ። ተፈርዶበት የታሰረው፣ በሌለበት የተፈረደበት፣ በውጭ አገር የተሰደደውና ገና ያልተከሰሰው ሁሉ በአንድ አዋጅ ሥር ገቡ። ይቅርታ ይህን ማድረግ አይችልም፤ ያልተፈረደበት ሰው ይቅር የሚባል ቅጣት የለውምና። ስለዚህ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት ላለ ዘመዱ የይቅርታ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል፤ እዚያ ያለው መንገድ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን እንዲያነሣ መጠየቅ ነው።

የሁለቱም ሥልጣን ዳር ድንበር አለው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 የሰው ዘር ማጥፋትን፣ ያለ ፍርድ መግደልን፣ አስገድዶ መሰወርንና ኢሰብአዊ ድብደባን ለይቶ፣ ምክር ቤትም ይሁን ሌላ የመንግሥት አካል በምሕረትም በይቅርታም ሊያልፋቸው አይችልም ይላል። ለሞት ፍርድ ግን አንድ ጠባብ በር ትቷል፤ ርእሰ ብሔሩ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ሊለውጥ ይችላል። በደርግ ባለ ሥልጣኖች ላይ የተሠራውም ይኸው ነው። የሃይማኖት አባቶች ይቅርታ እንዲደረግላቸው ቢለምኑም ሕጉ አይፈቅድም ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ በ2003 ዓ.ም. የሃያ ሦስቱን የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ብዙዎቹ ረጅም ዘመን ስለ ታሰሩ በአመክሮ ወጡ። በሠፈር «ምሕረት ተደረገላቸው» ተባለ፤ የተደረገው ግን ቅጣት ማቅለልና አመክሮ እንጂ ምሕረትም ይቅርታም አልነበረም። ይህን መለየት የሟች ወላጆች መብት ነው እንላለን፤ በልጆቻቸው ደም ላይ የተጻፈው ፍርድ እስከ ዛሬ በመዝገቡ አለና።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ለሚናገር ሰው ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረት ያነሣል። በክልላችን የሆነውን ላየ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። አዋጅ ሆኖ የወጣ ዕለት መጀመሪያ መነበብ ያለበት የተነኩት ወንጀሎች ዝርዝር ነው፤ አንቀጽ 28 የከለከላቸው በስም ተለውጠው ከገቡ እዚያ ይታወቃል።

አንድ ነገር ቀረን። ይቅርታም ሆነ ምሕረት የተበዳዩን ካሳ አይነካም። የማቻከል ገበሬ የጤፍ ክምሩን ያቃጠለበት ሰው በይቅርታ ቢፈታ፣ ይቅር ያለው መንግሥት ነው፤ ገበሬው የክምሩን ዋጋ እንዲከፈለው የተሰጠው ፍርድ በአቃጣዩ ላይ እንዳለ ይቆያል።